ለ27 ቀን ሥራ 24 አስተናጋጅ በአንድ ቀን መምረጥ

ሐዋሳ ላይ ታኅሣሥ ሲገባ የሆቴሎች ጭንቀት አንድ ዓይነት ነው። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል አለ። ከአሥር ቀን በኋላ ገና ይመጣል። ገና ሳይበርድ ጥር 11 ጥምቀት ይከተላል። ሐይቁ ዳር ያለው ወንበር ሁሉ ይሞላል፣ ያሉት አስተናጋጆች አይበቁም፣ እና ሁሉም ሆቴል በአንድ ሳምንት ውስጥ ሰው ፍለጋ ይወጣል። ያኔ ብዙዎቻችን የምናደርገው ማስታወቂያ በር ላይ ለጥፈን የመጣውን አንድ በአንድ ቢሮ አስገብተን ማናገር ነው። «እስቲ ስለ ራስህ ንገረኝ»፣ «የት ሠርተሻል»፣ «ሥራ ጫና ቢበዛ ትችያለሽ?» እንላለን። ሁሉም ይችላል። አልችልም ብሎ የሚመልስ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ በሠራሁበት አንድ ቤት በዚህ መንገድ ሦስት ቀን ሙሉ አናግረን ሰው ቀጠርን። የመረጥናቸው አነጋገራቸው የሚጥም፣ ዓይን የሚሞሉ ልጆች ነበሩ። የገና ዕለት ግን አንዱ የጾምና የፍስክ ትዕዛዝ ቀላቀለ፣ ሌላዋ ሂሳብ መመለስ አቃታት፣ ሁለቱ ደግሞ ጭራሽ አልመጡም። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። እኛ የፈተንነው ወሬ ነው፣ ያሠራናቸው ደግሞ ትሪ ማዞር። ከዚያ ወዲህ በቡድን ጠርቶ፣ አጭር የተግባር ፈተና ሰጥቶ በአንድ ቀን መጨረስን ተማርኩ፤ እዚህ የማስረዳውም እሱን ነው።

አንድ ሐይቅ ዳር ያለ ሆቴል እንውሰድ። ከታኅሣሥ 17 እስከ ጥር 13፣ ለ27 ቀን፣ 24 ተጨማሪ አስተናጋጅ ይፈልጋል እንበል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ እናንተ በራሳችሁ ልክ ትቀይሯቸዋላችሁ።

መጀመሪያ ማስታወቂያው። «ቁመናው ያማረ»፣ «ተግባቢ»፣ «የ2 ዓመት ልምድ ያለው» የሚሉትን አውጡ። ቁመና ትሪ አይሸከምም። ልምድ የሚለው ደግሞ በፍጥነት መማር የሚችለውን ልጅ ከበር ይመልስና ሌላ ቦታ ለሁለት ዓመት በመጥፎ ልማድ የሠራውን ያስገባል። በነሱ ፈንታ የሥራውን ቀናት፣ የፈረቃውን ሰዓት፣ ደመወዙን በብር፣ የፈተናውን ቀን ጻፉ። ደመወዝ የማይጻፍበት ማስታወቂያ ብዙ ሰው ይሰበስባል፣ ግን ግማሹ ብሩን ሲሰማ የሚሄድ ነው። የእሱ ጊዜም የእናንተም ጊዜ ይባክናል።

ስልክ የደወለ ሁሉ ለፈተና አይጠራም። ሦስት ጥያቄ በቂ ነው፣ ለአንድ ሰው ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። የገናንና የጥምቀትን ዕለት ጨምሮ ሙሉውን ቀን መሥራት ትችላለህ? ፈረቃው ማታ 4 ሰዓት ሲያልቅ በምን ትሄዳለህ? ዕድሜህ 18 ሞልቷል? ሁለተኛውን ጥያቄ ሰዎች አቅልለው ያዩታል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምሰማው እሱን ነው፣ ምክንያቱም በወቅታዊ ሥራ ሰው የሚቀረው ሰንፎ ሳይሆን ማታ ባጃጅ አጥቶ ወይም የባጃጁ ሒሳብ የቀን ገቢውን በልቶበት ነው። ሠፈሩ ሩቅ የሆነ ልጅ «እንደምንም እሄዳለሁ» ካለ ገና አላሰበበትም ማለት ነው። «ወንድሜ ባጃጅ አለው፣ እሱ ይወስደኛል» ካለ አስቦበታል። ዕድሜን የምንጠይቀው ደግሞ ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛን ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ማሠራት በሕግ ስለተከለከለ ነው። በበዓል ሰሞን ፈረቃ ከዚያ ሰዓት ማለፉ አይቀርም። ስለዚህ የፈተናው ዕለት መታወቂያ ይዘው ይምጡ።

150 ሰው ደወለ፣ ከሦስቱ ጥያቄ በኋላ 100 ቀረ እንበል። ለፈተና የምትችሉት 72 ሰው ነው። ታዲያ 72 ብቻ መጥራት ስህተት ነው፤ ከተጠራው አምስት አንዱ እንደሚቀር አስባችሁ 88 ሰው ጥሩ። በአራት ዙር፣ በየዙሩ 22 ትጠራላችሁ፣ 18 ገደማ ይመጣል። አንዱ ዙር ላይ 22ቱም ቢመጡ ቡድኖቹን ትንሽ ታሰፋላችሁ እንጂ ማንንም አትመልሱም። ሰው ባጃጅ ከፍሎ መጥቶ መመለስ የለበትም።

ቀኑ ሆቴሉ ጭር የሚልበት ቀን ይሁን፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ። የመጀመሪያው ዙር 2:30 ይጀምራል፣ ሁለተኛው 4 ሰዓት፣ ከምሳ በኋላ ሦስተኛው 6:30፣ አራተኛው 8 ሰዓት። 9:30 ላይ ሁሉም ያልቃል። እያንዳንዱ ዙር ሰዓት ተኩል ነው። ሩብ ሰዓት ገለጻ፣ አንድ ሰዓት ፈተና፣ ሩብ ሰዓት ማጠቃለያ። ውሃና የትራንስፖርት ብር አዘጋጁ። ፈተናው እውነተኛ እንግዳ ላይ መሆን የለበትም። «የሙከራ ቀን» እያሉ ሰውን ሙሉ ቀን በነፃ ማሠራት ፈተና አይደለም። እሱ ያልተከፈለ ሥራ ነው፣ እባካችሁ አታድርጉት።

የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ገለጻ ለወጉ ያህል የሚደረግ አይምሰላችሁ። ቆማችሁ እውነቱን ንገሯቸው። ስምንት ሰዓት ቆሞ መሥራት እንደሆነ፣ ሣሩ ላይ ቀኑን ሙሉ መመላለስ እንደሆነ፣ የበዓል ዕለት ዕረፍት እንደሌለ፣ ጉርሻ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ የሰከረ እንግዳ ሲያስቸግር ማን ዘንድ እንደሚሄዱ። የሚያስደስተውንም ንገሩ፤ በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሰው ለእያንዳንዱ ሰዓት ቢያንስ እጥፍ ይከፈለዋል፣ ገናና ጥምቀት እዚህ ውስጥ ናቸው። የታኅሣሥ ገብርኤል ግን በሕግ የሕዝብ በዓል ስላልሆነ እጥፍ አይመጣበትም፣ ይህንንም ከአሁኑ ንገሩ፤ በኋላ ደመወዝ ቀን ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ «ሐሳቡን የቀየረ ካለ አሁን ትራንስፖርቱን ተቀብሎ መሄድ ይችላል» በሉ። ከ18ቱ አንድ ሁለት ሰው ይሄዳል። ይሂድ። ዛሬ የሄደ ሰው የገና ዕለት አይቀርባችሁም።

ቀሪዎቹን በስድስት በስድስት ከፍላችሁ በሦስት ጣቢያ ታዞሯቸዋላችሁ፣ በየጣቢያው 18 ደቂቃ። በየጣቢያው ሁለት ሰው ነጥብ ይይዛል። ስድስት ሰው ብዙ መስሎ ይታያል፣ ግን ከቢሮ አይደለም የምታመጧቸው። ሁለት ሱፐርቫይዘር፣ ሁለት ነባር አስተናጋጅ፣ አንድ ካሸር፣ አንድ የወጥ ቤት ሰው ይበቃሉ። ሥራውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የመጀመሪያው ጣቢያ ትሪ ነው። እዚህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወዲያው ፈተናውን በመጀመር ነው። እንዲያ ከሆነ የምትመርጡት አስቀድሞ ትሪ የያዘን ሰው ብቻ ነው። እናንተ ግን የምትፈልጉት በአንድ ቀን ሥልጠና ለምዶ የሚሠራ ሰው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አሠልጥኑ። ነባሩ አስተናጋጅ በሁለት ደቂቃ ያሳያል፤ ትሪው በግራ መዳፍና በጣቶች ላይ እንዴት እንደሚቀመጥ፣ ከባዱ ወደ ሰውነት መጠጋት እንዳለበት፣ ብርጭቆ ከታች ተይዞ እንደሚቀመጥ፣ ጣት አፉ ጋ እንደማይደርስ። ከዚያ ስድስቱም ሦስት ደቂቃ ያህል ያለ ነጥብ ይሞክሩ። ነጥብ የሚያዘው ከዚህ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ስምንት ብርጭቆ ውሃ ያለበት ትሪ ይዞ 20 ሜትር ያህል ሣሩን አቋርጦ፣ አንድ ደረጃ ወጥቶ፣ አራት ሰው የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ አራቱን አስቀምጦ ይመለሳል። ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል።

ያለ ነጥብ ማስሞከሩ ሌላም ጥቅም አለው። ስድስት ሰው ተራ በተራ ሲሞክር ስድስተኛው አምስቱን አይቶ ተምሯል፣ የመጀመሪያው ግን ምንም አላየም። ሁሉም አንዴ ሞክሮ ከገባ ይህ ልዩነት በጣም ይጠባል።

ነጥቡ ሦስት ነገር ላይ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 2። ትሪው ተመጣጥኗል ወይ? ብርጭቆው አያያዝ ንጹህ ነው ወይ? ትንሽ ሲፈስስ ምን አደረገ? ሦስተኛውን በተለይ ተመልከቱት። አንዳንዱ ውሃ ሲፈስበት ቆሞ ይስቃል፣ አንዳንዱ ሳያይ መስሎ ያልፋል፣ አንዳንዱ ትሪውን አስቀምጦ ይጠርግና ይቅርታ ብሎ ይቀጥላል። እንግዳ ፊት የሚያስፈልጋችሁ ይሄኛው ነው። ምንም ያልፈሰሰበት ደግሞ ሙሉውን 2 ያገኛል። ለእያንዳንዱ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ከአንድ ቀን በፊት ይጻፍ። «0 ማለት ጣቱ ብርጭቆው አፍ ውስጥ ገብቷል» ተብሎ ካልተጻፈ አንዱ ገምጋሚ በፈገግታ ነጥብ ይሰጣል፣ ሌላው በጫማ።

ሁለተኛው ጣቢያ ትዕዛዝና ሂሳብ ነው። ለእኔ የፈተናው ልብ ይህ ነው፣ ምክንያቱም በታኅሣሥ ሐዋሳ ላይ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ገብርኤል የሚውለው በነቢያት ጾም ውስጥ ነው፤ ጾሙ እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ግን ጿሚውም የማይጾመውም አብረው ይቀመጣሉ፣ ልጆችም አሉ፣ ሐይቅ ዳር ስለሆነ ዓሣ የሚያዝም አለ። ጿሚ ፊት ቅቤ ያለበት ሽሮ ማቅረብ ቀላል ስህተት አይደለም። እንግዳው ያዝናል፣ ምግቡ ይመለሳል፣ ወጥ ቤቱ ይጨናነቃል።

ስለዚህ ፈተናው ራሱ ይህን ይመስላል። ስድስቱም የትዕዛዝ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጣሉ። ሁለቱ ገምጋሚዎች እንግዳ ሆነው በተለመደ የንግግር ፍጥነት ያዛሉ። አንድ በየአይነቱ። አንድ ዓሣ ጥብስ፣ ሚጥሚጣው ለብቻ ይሁን። አንድ ሽሮ፣ የጾም ነው፣ ቅቤ እንዳይገባ። ለልጁ ፓስታ በሥጋ፣ ቃሪያ የሌለው። ሦስት አምቦ ውሃና አንድ ለስላሳ። ትንሽ ቆይቶ አንዱ «እንዲያውም የኔን አምቦ ተወውና ለስላሳ አድርገው» ይላል። በመጨረሻ አራት ምግብ፣ ሦስት ማሳሰቢያ፣ ሁለት የመጠጥ መስመር አለ። ከ9 ይታሰባል።

ወረቀቱን የሚያርመው ማነው? ትዕዛዙን ያልሰማ ሌላ የወጥ ቤት ሰው። ለብቻው ይቀመጥና ወረቀቱን ጮክ ብሎ ያንብብ። እሱ ያነበበው ከታዘዘው ጋር ከገጠመ ነጥብ ነው፣ ያላነበበው ዜሮ ነው። ይህ አሠራር ጽሑፉ ያማረውን ሰው አይሸልምም። በአማርኛም ይጻፍ፣ በሲዳምኛ ፊደልም ይጻፍ፣ በአጭር ምልክትም ይሁን፣ ወጥ ቤት ከገባው በቂ ነው። እዚህ ከተማ የሚመጡት ልጆች ብዙዎቹ አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ነው፤ አማርኛቸው ትንሽ ስለተሰበረ ብቻ ጎበዝ ሠራተኛ እንዳናጣ ይረዳናል። መመሪያውንም ካስፈለገ በሁለት ቋንቋ አስረዱ። የምትፈትኑት ሥራውን እንጂ የመመሪያውን ቋንቋ አይደለም።

ቀጥሎ የዚያው ጠረጴዛ ሂሳብ ተጽፎ ይሰጣቸዋል። በየአይነቱ 280፣ ዓሣ 450፣ ሽሮ 220፣ ፓስታ 300፣ ሁለት አምቦ 100፣ ለስላሳ ደግሞ ሆን ተብሎ ሦስት ተብሎ 150። ድምሩ 1,500 ይላል። እንግዳው 2,000 ብር ሰጥቷል፣ ስንት ትመልሳለህ? ወረቀቱን ብቻ ያየ 500 ይላል። ትዕዛዙን ያስታወሰ ለስላሳው ሁለት እንደነበር ያያል፣ ትክክለኛው 1,450 ነው፣ መልሱ 550። ስህተቱን ላገኘ 1 ነጥብ፣ መልሱን በትክክል ላሰላ 1 ነጥብ። ስህተቱን ባያገኝም 2,000 ላይ 1,500 ሲቀነስ 500 ብሎ ያሰላ የስሌቱን ነጥብ ያገኛል። አለማየትና መቁጠር አለመቻል ለየብቻ ናቸው።

የመጨረሻው አንድ ጥያቄ ነው። «እንግዳው በቴሌብር ከፍያለሁ ብሎ ስክሪንሾት አሳየህ፣ ቸኩሏል። ምን ታደርጋለህ?» ጥሩ መልስ ገንዘቡ መግባቱን ካሸር ዘንድ በትህትና ማረጋገጥ ነው። በስክሪንሾት ብቻ የሚሸኝም፣ እንግዳውን ሌባ አድርጎ የሚይዝም ነጥብ አያገኝም። ይህ ጣቢያ በጠቅላላው ከ12 ይታረማል።

ሦስተኛው ጣቢያ በቡድን የሚሠራ ነው። ብዙ ቦታ የቡድን ፈተና ሲባል ሰዎችን አስቀምጦ በአንድ ርዕስ ማወያየት ነው። እኔ አልስማማበትም። ውይይት የሚያሸንፈው ድምፀ ጎላ ያለው ነው። አስተናጋጅ ደግሞ ተከራካሪ አይደለም። በምትኩ ሥራ ስጧቸው። ሣሩ ላይ ስድስት ጠረጴዛና 24 ወንበር ተዘበራርቆ ይቆይ፤ የጠረጴዛ ልብስ፣ ሹካ፣ ናፕኪን በአንድ ሳጥን ይቀመጥ፤ ሹካው ሆን ተብሎ ሁለት ይጉደል። «በ12 ደቂቃ ውስጥ ለ24 እንግዳ አዘጋጁ» ብቻ በሉና ዝም በሉ። አለቃ አትሹሙ።

ከሁለቱ ገምጋሚዎች እያንዳንዱ ሦስት ሰው ብቻ ያያል። ስድስቱንም እናያለን ካላችሁ የምታዩት አንድ ሁለት ጎልቶ የሚታይ ሰው ነው። የሚመዘገበው የተደረገ ነገር ነው፤ «ጥሩ ይመስላል» አይጻፍም። የራሱን ጨርሶ ሳይጠየቅ ወደ ሌላው ሥራ ሄደ ወይ? የጎደለውን ሹካ አይቶ ለሰው ተናገረ ወይ? ከሌላው ጋር ሲነጋገር አከበረ ወይ፣ ወይስ ወንበር ሳያነሳ ትዕዛዝ ብቻ ሰጠ? ሦስቱም ከ0 እስከ 2፣ ድምሩ ከ6።

እንግዲህ ትሪ 6፣ ትዕዛዝና ሂሳብ 12፣ ቡድን 6፣ በጠቅላላው 24 ነጥብ ነው። ግን ድምር ብቻ አይበቃም። ሁለት ወለል አስቀምጡ። በትዕዛዝ ወረቀቱ ከ9 ቢያንስ 7፣ በብርጭቆ አያያዝ ደግሞ 0 ያልሆነ። ወለሉን ያላለፈ በድምር ቢበልጥም አይገባም።

ለምን እንደሆነ በሁለት ሰው እንየው። አንዱ አምስት ዓመት ሠርቷል። ትሪ 6 ከ6። ትዕዛዝ ላይ ግን በጭንቅላቴ እይዘዋለሁ ብሎ ሳይጽፍ ቀረ፣ በኋላ ሲሞላው ቅቤውም ቃሪያውም የተቀየረው መጠጥም ጠፋ። 5 ከ9። ሂሳብና ቴሌብር 3። ቡድን ላይ ሌሎቹን ሲያዝ ቆይቶ 2። ድምሩ 16። ሌላዋ ዘንድሮ ትምህርት የጨረሰች ልጅ ነች፣ ትሪ ይዛ አታውቅም። ትሪ 4፣ ትንሽ ፈስሶባት ጠረገች። ትዕዛዝ 9 ከ9። ሂሳብ 2፣ ስህተቱን አላየችም። ቡድን 5። ድምሩ 20። ቢሮ ውስጥ አናግረን ቢሆን ያለ ጥርጥር የሚቀጠረው እሱ ነበር። በፈተናው ግን እሱ ወለሉን አላለፈም፣ እሷ ገብታለች። የሷ ድካም ደግሞ በአንድ ቀን ሥልጠና የሚስተካከል ነው፤ የሱ ግን የቆየ ልማድ ነው፣ በገና ሰሞን ማንም ቆሞ አያስተካክለውም።

ገምጋሚዎቹ ነጥባቸውን ሳይነጋገሩ ለየብቻ ይጻፉ። ማጠቃለያው ሩብ ሰዓት ላይ ወረቀቶቹ ጎን ለጎን ይቀመጡ። የአንድ ነጥብ ልዩነት ካለ አማካዩን ውሰዱ። ሁለት ነጥብ ካለ አንዱ ያላየው ነገር አለ፣ ስለዚያ ብቻ ይነጋገሩ። ቡድኑ ጣቢያ ላይ አንድን ሰው የሚያየው አንድ ገምጋሚ ብቻ ስለሆነ ነጥቡ ከሌሎቹ ይልቅ በጥንቃቄ ይታይ። «የኔ ሠፈር ልጅ ነው»፣ «የእገሌ እህት ናት» የሚለው እዚህ ሰዓት ላይ ነው ብቅ የሚለው። ዘመድ ያለው ገምጋሚ አስቀድሞ ይናገርና ያንን ሰው ሌላው ይያዝ።

ፈተናው ራሱ መጥፎ ሊሆን ይችላል፣ ይህን የሚያውቁ ጥቂት ናቸው። ከቀኑ በፊት ሦስት የራሳችሁን ሰዎች አስፈትኑ። ሁለት በጣም ጎበዝ የምትሏቸውን፣ አንድ ገና የገባ። ጎበዞቹ ከወደቁ ሰዎቹ አይደሉም የሚስተካከሉት፣ ፈተናው ነው። ብዙ ጊዜ ትዕዛዙ በፍጥነት ስለተነበበ ወይም ሂሳቡ ስለተወሳሰበ ነው። ሦስቱም ሙሉ ካገኙ ደግሞ ፈተናው ሰውን አይለይም፣ አክብዱት። በዕለቱም የየዙሩን አማካይ ተመልከቱ። የጠዋቱ ዙር 14፣ የከሰዓቱ 19 ከሆነ የከሰዓቶቹ ልጆች ድንገት ጎብዘው ላይሆን ይችላል። ወይ ገምጋሚዎቹ ደክመው እጃቸው ፈትቷል፣ ወይ ጠዋት የተፈተኑት በር ላይ «ሹካ ይጎድላል፣ ለስላሳው ሦስት ተብሏል» ብለው ነግረዋቸዋል። ለዚህ መፍትሔው ቀላል ነው። በየዙሩ የምግቡን ስም፣ የሚቀየረውንና የተሳሳተውን መጠጥ፣ የሚጎድለውን ዕቃ ቀይሩ። ክብደቱ አንድ ይሁን።

የተግባር ፈተና ምን ያህል ይታመናል ለሚል፣ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሽሚት እና ሃንተር የሚባሉ አጥኚዎች የብዙ ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው የሥራ ናሙና ፈተና ከሁሉም የምርጫ መንገዶች ፊት ከሚሰለፉት አንዱ ነው አሉ። በ2022 ሳኬት እና ባልደረቦቹ ስሌቱን መልሰው ሲያዩት ቁጥሮቹ ከታሰበው ዝቅ አሉ። ከ0 እስከ 1 ባለ መለኪያ የሥራ ናሙና ወደ 0.33፣ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ሆኖ ነጥብ የሚያዝበት ቃለ መጠይቅ 0.42፣ እንደመጣ የሚደረገው ወሬ ግን 0.19። ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ያ የቢሮ ወሬ ከሦስቱ ደካማው ነው። ሁለተኛ፣ የተግባር ፈተናም ጠንቋይ አይደለም። ሰውየው ሥራውን መቻሉን ያሳያል። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቶ መምጣቱን አያሳይም።

ለመቅረቱ መድኃኒቱ ተጠባባቂ ነው። 24 ምረጡና ከነሱ በታች ያሉትን 8 በደረጃቸው ቅደም ተከተል ያዙ። ለሁለቱም እውነቱን ንገሩ። ውጤቱን ደግሞ ያኔውኑ ማታ በአጭር መልእክት ላኩ፤ ነገ ከነገ ወዲያ ካላችሁ ጎበዙን ጎረቤት ሆቴል ወስዶታል። መልእክቱ እንዲህ ይሁን፤ «ሰላም፣ በዛሬው ፈተና ተመርጠሻል። ሥልጠና ታኅሣሥ 16 ከ3 ሰዓት ጀምሮ ነው፣ ይከፈልበታል። እስከ ነገ 6 ሰዓት እመጣለሁ ወይም አልመጣም ብለሽ መልሺ።» ያልመለሰውን አንድ ጊዜ ደውሉለት፣ ካላነሳ ወደ ተጠባባቂው ሂዱ። ላላለፉትም ጻፉ። «ትዕዛዝ አጻጻፉ ላይ ነው የቀነሰብህ» የሚል አንድ መስመር ለዚያ ልጅ ከዝምታ በጣም ይሻላል።

አንድ የሚያዘገይ ነገር አለ፣ ተያዥ። ለ27 ቀን ሥራ «ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ» ማለት ከገጠር የመጣውን፣ ከተማው ውስጥ ዘመድ የሌለውን ጎበዝ ልጅ ማባረር ነው። ዋስ የምትጠይቁት ገንዘብ ፈርታችሁ ከሆነ አሠራሩን ቀይሩ። ወቅታዊው አስተናጋጅ ብር ይዞ አይዋል፣ ሂሳብ ሁሉ ወዲያው ካሸር ዘንድ ይግባ። ምግብ ለሚነካ ሰው የሚያስፈልገው የጤና ምርመራ ግን አይታለፍም። እሱ ቀን ስለሚፈጅ ፈተናውን ከታኅሣሥ 5 አታሳልፉ።

ውሉም በጽሑፍ ይሁን። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በየዓመቱ በተወሰነ ወቅት የሚደጋገም ሥራ ለተወሰነ ጊዜ በሚቆይ ውል እንዲሠራ ይፈቅዳል። የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን፣ ደመወዙ፣ የሥራ ሰዓቱ ተጽፎ ይፈረም። የሙከራ ጊዜ ካለም በጽሑፍ መሆን አለበት፤ አዋጁ የሙከራ ጊዜን እስከ 60 የሥራ ቀናት ይፈቅዳል። የትርፍ ሰዓት ክፍያም ከመደበኛው በላይ ነው፤ ቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75። ፈረቃው በበዓል ስለሚረዝም ይህንን በጀት ውስጥ አስገቡት።

ጥር 13 ሲያልፍ የነጥብ ወረቀቶቹን አትጣሉ። ከያንዳንዱ ስም አጠገብ ሦስት ነገር ጻፉ። ስንት ቀን ቀረ? ስንት ትዕዛዝ ተመለሰበት? ሱፐርቫይዘሩ መልሶ ይቀጥረዋል ወይ? በትዕዛዝ ወረቀት 9 ያገኙት በሥራም ስህተታቸው ካነሰ ያ ጣቢያ ይሠራል። በቡድን ሥራ 6 ያገኙትና 3 ያገኙት ልዩነት ከሌላቸው ያንን ጣቢያ ለውጡት። ስታነጻጽሩ አንድ ነገር እንዳትረሱ፤ በእጃችሁ ያሉት የተቀጠሩት ብቻ ናቸው፣ የወደቁት ቢሠሩ ምን ይሆኑ እንደነበር አይታይም። ስለዚህ በጎበዞች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ቢመስል ፈተናው ከንቱ ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። «መልሼ እቀጥረዋለሁ» የተባሉትን ስም ለብቻ ያዙት። ለፋሲካ ወይም ለፊቼ ጨምበላላ ሰው ሲያስፈልግ መጀመሪያ የሚደወለው ለነሱ ነው፣ ፈተናም ሁለተኛ አያስፈልጋቸውም።